ጥላው የሚያመለክተው ነጥብ

ሪታች በሚባለው ፎቶ የማስተካከል ሙያ፣ ከአንድ ፎቶ ተቆርጦ የወጣን ዕቃ በሌላ ፎቶ ውስጥ ማስቀመጥ ከቁርጡ ንጽሕና ይልቅ በጥላው የሚፈተን ሥራ ነው። ቁርጡ ቢጎድፍ ተመልካቹ ወዲያው ያየዋል፤ ጥላው ቢሳሳት ግን አብዛኛው ሰው፣ ብዙ ጊዜም ሠሪው ራሱ፣ ሳያስተውለው ያልፋል። ኦስትሮቭስኪ፣ ካቫናግና ሲንሃ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ምስል ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ ከሌሎቹ በተለየ አቅጣጫ ብርሃን ቢያርፍበት ተመልካቾች ያንን ልዩነት ለማግኘት በእጅጉ ይቸገራሉ። ዓይን ለጥላ ይህን ያህል ቸልተኛ ከሆነ፣ የተሳሳተ ጥላን መለየት ዓይንን ከማሠልጠን ይልቅ መለካትን ልማድ ከማድረግ ይመጣል ማለት ነው። የአንዲት ተለማማጅ ሥራ ይህንን በግልጽ ያሳያል።

ለተለማማጇ የተሰጣት ለቡና ማስታወቂያ የተነሣ የግቢ ፎቶ ሲሆን፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ በስተግራ በርጩማ፣ መሐል ላይ ሲኒ የተደረደረበት ረከቦት፣ በስተቀኝ ደግሞ ባዶ ቦታ ይታይበታል። ፀሐይዋ ከካሜራው ፊት ለፊት፣ ወደ ግራ ጠጋ ብላ ከፎቶው ክልል በላይ ስለነበረች፣ የዕቃዎቹ ጥላ የሚወድቀው ወደ ተመልካቹ ነው። ሥራው በባዶው ቦታ ላይ በስቱዲዮ ውስጥ ለብቻው የተነሣ ጥቁር የሸክላ ጀበና ማስገባት ነበር። ተለማማጇ ጀበናውን በጥንቃቄ ቆርጣ አስቀመጠችው፤ ከዚያም ቅርጹን ቀድታ፣ በጥቁር ግራጫ ሞልታ፣ ከታች ያለውን ቀለም ሳይሸፍን በሚያጨልመው Multiply በተባለው ዘዴ ወለሉ ላይ አጋደመችውና፣ ማዘንበያውን ከበርጩማው ጥላ ጋር አንድ ካደረገች በኋላ ጠርዙን በትንሹ አደበዘዘችው። ፀሐይ አንድ ናትና ጥላዎቹም አንድ ዓይነት ያዘነብላሉ የሚለው ግምቷ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ለዚህም ነው ስሕተቱ በጀማሪዎች ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚታየው።

ፀሐይ እጅግ ሩቅ ስለሆነች፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ነገሮች በደልዳላ መሬት ላይ የሚጥሉት ጥላ በእርግጥም እርስ በርሱ ትይዩ ነው። ካሜራ ግን ትይዩ የሆኑ የመሬት መስመሮችን በርቀት እንደሚገናኙ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ፀሐይ ከፊት ባለችበት ፎቶ ላይ ጥላዎቹ ሁሉ የሚነሡት በአድማሱ መስመር ላይ፣ ከፀሐይዋ በቀጥታ ሥር ካለ አንድ ነጥብ ነው። ከዚያ ነጥብ በታች በቀጥታ የቆመ ዕቃ ጥላውን ቁልቁል ሲጥል፣ ወደ ቀኝ የራቀው ዕቃ ጥላ ደግሞ በራቀው መጠን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በርጩማው ለፀሐይዋ ወገን ቅርብ ስለነበረ ጥላው ቁልቁል ሊወርድ ምንም አልቀረውም፤ የረከቦቱ ከዚያ ይበልጥ አዘንብሏል፤ በስተቀኝ ጫፍ ያለው የጀበናው ጥላ ደግሞ ከሁሉም በላይ ማዘንበል ሲገባው የበርጩማውን ማዘንበያ ተውሷል።

አሠልጣኟ ስሕተቱን አልነገራትም፤ ፎቶው የተቀመጠበትን ሸራ ወደ ላይ በብዙ አስፍታ መስመር እንድትስል ብቻ አዘዛት። የመጀመሪያው መስመር ከበርጩማው መቀመጫ ጥላ ማዕዘን ተነሥቶ በራሱ በመቀመጫው ማዕዘን በኩል ወደ ላይ ይቀጥላል፤ ሁለተኛውም በረከቦቱ ማዕዘን እንዲሁ ይሳላል። ብርሃን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ የጥላውን ነጥብ ከፈጠረው የዕቃ ነጥብ ጋር የሚያገናኝ መስመር ሁሉ በብርሃኑ ምንጭ ማለፍ አለበት፤ ሁለቱ መስመሮችም ከፎቶው በላይ ባለው ባዶ ሸራ ላይ ተገናኝተው የማትታየዋን ፀሐይ ቦታ አሳዩ። ከጀበናው አንገት ጥላ ጫፍ በአንገቱ ጫፍ በኩል የተሳበው ሦስተኛው መስመር ግን ከመገናኛው በስተቀኝ ርቆ አለፈ። ለዓይን ምንም ያልጎደለው ጥላ ሌላ ፀሐይ እንደሚጠይቅ በዚህ ታወቀ።

ይኸው ዘዴ ስሕተትን ከመጠቆም አልፎ ትክክለኛውን ቦታ ይሰጣል። ከፀሐይዋ ነጥብ በጀበናው አንገት ጫፍ በኩል የሚወርደው መስመርና፣ በአድማሱ ላይ ካለው ነጥብ በጀበናው መቀመጫ መካከል በኩል የሚያልፈው መስመር የሚቆራረጡበት ቦታ የጥላው ጫፍ የሚያርፍበት ነው፤ ማዘንበያውም ርዝመቱም በአንድ ጊዜ ይወሰናል። ይሁንና ዘዴው ወሰን አለው። ሰፊ ሌንስ ቀጥ ያለውን ጠርዝ ስለሚያጎብጥ፣ ጉብጠቱ አስቀድሞ ካልተስተካከለ እውነተኞቹም መስመሮች በአንድ ነጥብ አይገናኙም። እንደ ጀበና ሆድ ባለ ክብ ገጽ ላይ ደግሞ የጥላው ጠርዝ ከየትኛው ነጥብ እንደመጣ በትክክል መናገር አይቻልም። ኪ፣ ኦብራየንና ፋሪድ የተጭበረበሩ ፎቶዎችን ለመለየት በ2013 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ዘዴ ይህን ችግር የፈቱት በአንድ መስመር ፋንታ ሁለት መስመሮችን በመውሰድና ፀሐይዋ በሁለቱ መካከል ባለው ክልል ውስጥ ትገኛለች በማለት ብቻ ነው፤ ክልሎቹ ሁሉ የሚጋሩት ቦታ ከሌለ ፎቶው ተነካክቷል።

የጥላው አቅጣጫ ከተስተካከለ በኋላ ጠርዙ ቀረ። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን በሰማይ ላይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ በመሆኗ፣ በሙሉ ጥላና በሙሉ ብርሃን መካከል ከፊል ጥላ የሚባል ደብዛዛ ዳር ይፈጠራል፤ ስፋቱም ጥላውን ከጣለው ነጥብ እስከ ጥላው ካለው ርቀት አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ከፍታ ላይ ብትሆን፣ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ጀበና የአንገቱ ጫፍ ከጥላው 42 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚርቅ የዚያ ዳር ስፋት 4 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ መቀመጫው ወለሉን በሚነካበት ቦታ ግን ዳሩ ስለት ይሆናል። ተለማማጇ ጥላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል በማደብዘዟ ጀበናው ከወለሉ በጥቂቱ የተነሣ መስሎ ነበር። ዕቃ የተንሳፈፈ በመሰለ ቁጥር መጀመሪያ መመርመር ያለበትም ይኸው የመነካኪያው ቦታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው ስሕተት በወለሉ ላይ አልነበረም። ዕቃ ወለል ላይ ከሚጥለው ጥላ ሌላ የራስ ጥላ የሚባል፣ ማለትም ከብርሃኑ የዞረው የገጹ ክፍል ላይ የሚያርፍ ጨለማ አለው። በርጩማውና ረከቦቱ ወደ ካሜራው የዞረው ፊታቸው ጨልሞ ብርሃን የሚታየው በላይኛው ጠርዛቸው ላይ ሲሆን፣ ጀበናው ግን ስቱዲዮ ውስጥ ከፊት በስተቀኝ በቆመ መብራት በመነሣቱ ሆዱ ላይ ሰፊ ነጸብራቅ ተሸክሟል። ተለማማጇ ይህን ያየችው የሣለቻቸው መስመሮች ገና በሸራው ላይ እያሉ ነው፤ ፀሐይዋ ከጀበናው ኋላ መሆኗ በመስመር ተጽፎ ሳለ ሆዱ በፊት ለፊቱ ሊያበራ እንደማይችል ያለ ማንም እርዳታ ተናገረች። የጀበናውን ፎቶ ግራ ቀኝ መገልበጥ ነጸብራቁን ወደ ግራ ቢያመጣውም ከፊት ወደ ኋላ አይወስደውም፤ በብሩሽ ማጨለምም የሸክላውን ልስላሴ አብሮ ያጠፋል።

የተመረጠው መፍትሔ ጀበናውን እንደገና ማንሣት ሆነ። በፀሐይ፣ ግራጫ ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ ካሜራው ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር በተቀራረበ ከፍታ ተተክሎ፣ ፀሐይዋ ከጀበናው ኋላ በስተግራ በምትሆንበትና የጥላው ርዝመት ከቁመቱ ጋር ያለው ንጽጽር ከበርጩማው ጋር በሚስማማበት ሰዓት ተነሣ፤ ዕቃውም ከእነ ጥላው ተቆርጦ ገባ። መስመሮቹ ዳግመኛ ሲሳቡ ሦስተኛው አሁንም ከመገናኛው በጥቂቱ ስለሳተ፣ ተለማማጇ ጀበናውን ሳትነካ ጥላውን ብቻ ለይታ በመቀመጫው ዙሪያ በስሱ አዞረችው።