የሚመለስ ስንኝ፦ ድግግሞሽና ሐዘን በቪላኔል፣ በፓንቱምና በሐርጌሳው ሄሎ

በግጥም ውስጥ መደጋገም ብቻውን ሐዘንን አያመለክትም፤ የአጨዳ ዘፈንም፣ የልጆች ጨዋታም፣ የሠርግ ግጥምም ይደጋግማሉ። ድግግሞሽ የሐዘንተኛን ወይም በአንድ ነገር የተያዘን ሰው አእምሮ የሚመስለው፣ ተመላሹ ስንኝ ቃሉን ሳይለውጥ ሲመለስ በዙሪያው ያለው ነገር ተለውጦ ሲቆየው ነው። ሐዘንተኛው ያንኑ ሐሳብ በማለዳም በሌሊትም ያብሰለስላል፤ ሐሳቡ አንድ ቢሆንም የማለዳውና የሌሊቱ ክብደት አንድ አይደለም። ቪላኔልና ፓንቱም የተባሉት የግጥም ቅርጾች ይህን ልዩነት በሕግ ደረጃ ያስገድዳሉ።

ቪላኔል 19 ስንኞች ያሉት፣ በአምስት ባለሦስት ስንኝ አንጓዎችና በአንድ ባለአራት ስንኝ መዝጊያ የተዋቀረ ግጥም ነው። የመጀመሪያው አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ስንኞች እንደ አዝማች ሆነው ተከታዮቹን አራት አንጓዎች በየተራ ይዘጉና በመጨረሻ ጎን ለጎን ይገናኛሉ፤ በዚህም ሁለቱ ስንኞች ብቻ ከ19ኙ ቦታዎች ስምንቱን ይይዛሉ፤ ግጥሙም በሙሉ ከሁለት ቤት በላይ አይመታም። ቅርጹ በኋላ ሰዎች እንደ ሕግ የያዙት ከፈረንሳዊው ዣን ፓሰራ ግጥም ነው፤ ያ በ1606 እ.ኤ.አ. የታተመ ግጥም ደግሞ ዋኖሱ የጠፋችበትን ሰው እንጉርጉሮ የያዘ ነው። ፓንቱም ግን ከማላይ ሕዝብ የቃል ግጥም የመጣ ነው፤ የአንዱ ባለአራት ስንኝ አንጓ ሁለተኛና አራተኛ ስንኞች ለቀጣዩ አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ስንኝ ይሆናሉ። ስለዚህ አንባቢው ሁልጊዜ ግማሹን አዲስ፣ ግማሹን የሰማውን እያነበበ ይሄዳል።

የፓንቱምን አሠራር በአማርኛ ወል ቤት ለማሳየት ያህል ብቻ የተሰናኙትን የሚከተሉትን ሁለት አንጓዎች መመልከት ይቻላል፦

ማታ ሻዩ ፈልቶ ሲኒው ተደርድሮ፣
በር በሩን ታያለች ይመጣል እያለች፤
ልጇ ከሄደባት አንድ ዓመት ተቆጥሮ፣
አንድ ሲኒ ጨምራ ለሱም ትቀዳለች።

በር በሩን ታያለች ይመጣል እያለች፤
ደጅ የሚነካካው ነፋስ ብቻ ሆኖ፣
አንድ ሲኒ ጨምራ ለሱም ትቀዳለች፤
ሻዩ ቀዝቅዞ አድሯል እንፋሎቱ በንኖ።

በመጀመሪያው አንጓ በር በሩን ማየቷ እንግዳ የምትጠብቅ ሴት ተራ ድርጊት ነው፤ የሚመጣው ማን እንደሆነም ገና አልተነገረም። በሁለተኛው አንጓ ይኸው ስንኝ ፊደሉ ሳይነካ ሲመለስ የዓመቱ መቆጠር ከኋላው፣ የነፋሱ ነገር ከፊቱ ስላለ፣ ተስፋ የነበረው ወደ አለማመን ይዞራል። የሲኒውም ነገር እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የእናት ልግስና የነበረው መቅዳት ቀጥሎ ልማድ፣ ምናልባትም ሥርዓት ይሆናል። «ሄደባት» የሚለው ግስ ልጁ መሰደዱን ወይም መሞቱን አለመለየቱ ለድግግሞሹ ይጠቅመዋል፤ ልጆቻቸው በበረሃና በባሕር ለተሰደዱባቸው የሐርጌሳ እናቶችም ይህ አሻሚነት ባዕድ አይደለም። የተመላሹን ስንኝ ቦታ ቀይሮ ማንበብ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ሁለተኛውን ቦታ ከመጀመሪያው ጋር ቢያለዋውጡት ምንም የማይጎድል ከሆነ ድግግሞሹ ጌጥ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ከቪላኔሎች መካከል ይህን ፈተና ባልተለመደ መንገድ የሚያልፈው በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካዊቷ ገጣሚ የኤልሳቤጥ ቢሾፕ «አንድ ጥበብ» ነው። ተናጋሪዋ ማጣትን መልመድ እንደማይከብድ እየደጋገመች ታስተምራለች፤ የምታጣው ነገር ግን ከበር ቁልፍና ከባከነ ሰዓት ተነሥቶ ወደ እናት የእጅ ሰዓት፣ ወደ ቤቶች፣ ወደ ከተሞችና ወንዞች፣ በመጨረሻም ወደምትወደው ሰው ያድጋል። አንደኛው አዝማች እስከ መዝጊያው ድረስ ይዘቱን ይዞ ይቆያል፤ ሁለተኛው ግን እየተበታተነ የመጨረሻ ቃሉ ብቻ ይተርፋል። መዝጊያው ላይ ገጣሚዋ ያን ቃል እንድትጽፈው ራሷን በቅንፍ ውስጥ ታዝዛለች። ሕጉ ቃሉን ይጠይቃል፤ ሐዘኑ ሊያወጣው አይፈልግም፤ ሁለቱም በአንድ ስንኝ ላይ ይጋጫሉ። የረቂቆቹ ብዛት ከ15 በላይ መሆኑ፣ የመጀመሪያውም ከግጥም ይልቅ ለስድ ንባብ የቀረበ ማስታወሻ መሆኑ፣ ይህ ቅርጽ ሐዘኑ ከመጣ በኋላ ተፈልጎ የተገኘ መያዣ መሆኑን ያሳያል።

በሐርጌሳ ወደሚነገረው የሶማሊ ግጥም ሲመጣ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል፤ ጋባይ የተባለው ጥንታዊ ቅርጽ ስንኝን እንዲደግም የሚያስገድድ ሕግ የለውምና። የሚደጋገመው ድምፅ ነው፤ ገጣሚው በመጀመሪያ የመረጠው መነሻ ድምፅ እስከ ግጥሙ መጨረሻ ድረስ በየስንኙ ቢያንስ የአንድ ቃል መጀመሪያ ሆኖ መገኘት አለበት፤ ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢኖረውም መቶውም ያንኑ ድምፅ ይሸከማሉ። ሐሳቡ ወደ ፈለገበት ቢሄድ እንኳ ቃላቱ ወደዚያው አንድ ድምፅ ይጎተታሉ። ሆዳን ለተባለች ልጃገረድ በያዘው ፍቅር ስሙ የገነነው፣ በ1941 እ.ኤ.አ. በበርበራ የሞተው ዒልሚ ቦድሃሪ የሚታወሰውም ግጥሞቹን ሁሉ በአንዲት ሴት ዙሪያ በማዞሩ ነው፤ በእሱ ዘንድ ተመላሹ ነገር ስንኝ ሳይሆን ርእሰ ጉዳዩ ነበር ማለት ይቀላል።

ስንኝና አዝማች አንድ ላይ የሚመለሱበት ቅርጽ የመጣው ከዒልሚ ሞት በኋላ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው አብዲ ሲኒሞ ባልዎ የተባለውን አጭር የፍቅር ግጥም ጀመረ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስንኝ ብቻ ያለው ይህ ግጥም መከራን በሚጠራ ሐረግ ይከፈት ነበር። ባልዎዎች ተከታትለው እየተዘፈኑ፣ በመካከላቸው አዝማች እየተመለሰ፣ ረዘም ወዳለው ሄሎ አደጉ፤ ይህንንም በሐርጌሳ አብዱላሂ ቀርሼ በኡድ፣ በኋላም በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሐርጌሳ ወንድሞች የቴአትር ቡድን በመድረክ አስፋፉት። በመጀመሪያ የተያያዙት ባልዎዎች በጉዳይ አይገናኙም ነበር፤ አንዱ ስለ ዓይን፣ ሌላው ስለ መንገድ ሊያወራ ይችላል። ይህ መበታተን እንደ ጉድለት ቢታይም፣ ከተያዘ አእምሮ አንጻር ሲታይ ግን ትክክለኛ ነው፤ ሐሳቡ የትም ቢሄድ ወደዚያው ጥሪ ይመለሳልና። በአንድ ጉዳይ ላይ የጸናው የኋለኛው ሄሎ በመልእክት በለጸገ፤ በአዝማቹ ላይ የነበረው የመባከን ስሜት ግን ቀነሰ። ከሁለቱ ለማብሰልሰል ጠባይ የሚቀርበው የቀድሞው ነው።

ሆኖም በሄሎና በቪላኔል መካከል ያለው ልዩነት በቅርጽ ብቻ አይወሰንም። የቢሾፕን ስንኝ ወደ ኋላ የምትመልሰው ራሷ ገጣሚዋ ስትሆን፣ የባልዎን አዝማች የሚመልሰው የሚያጨበጭበው ታዳሚ ነው፤ የዘፋኙ ሐሳብ ዙሩን የሚጀምረው ከራሱ ውጭ ሌሎች ሲይዙለት ነው። በዚህ ረገድ አልቃሽዋ ስትገጥም ለቀስተኛው የሚቀበልበት የአማርኛው ሙሾ ከቪላኔል ይልቅ ለሄሎ ይቀርባል። ጽሑፍ ላይ የሰፈረ ሄሎ ይህን ስለማያሳይ፣ አዝማቹን አንዴ ጽፈው ሁለተኛውን በነጠብጣብ የሚያልፉ አሰናጆች ግጥሙን ቢያሳጥሩትም የሥራውን ግማሽ አውጥተው ጥለውታል፤ ሁለተኛው መመለስ ከመጀመሪያው የሚለይበት ቦታ በሌላ ሰው አንደበት መሆኑ ነውና።