በጢያ ድንጋዮች ላይ የሚታየውና የሚባለው

ከሀደሮ ተነሥቶ በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው፣ ከዋናው ከተማ ከመድረሱ አስቀድሞ ጢያ በምትባል ስፍራ አጠገብ ያልፋል። በዚያ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ቍጥራቸው 36 ሲሆን 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ይኸው ድርጅት ስለ ስፍራው በጻፈው አጭር መግለጫ ውስጥ በድንጋዮቹ ላይ ካሉት ምልክቶች አብዛኞቹ ትርጕማቸው ለመረዳት የሚያስቸግር መሆኑን ተናግሯል። እኛም ስለ እነዚህ ድንጋዮች የሚጻፉትን ጽሑፎች እያነበብን ስንመለከት፣ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከብዙዎቹ ጸሐፊዎች ዘንድ እንዳልደረሰች ተረድተናል። አገላለጻቸው የማይታወቀውን ሁሉ የሚያውቅ ይመስላልና።

አንባቢያችን ነገሩን በዓይኑ ያይ ዘንድ፣ በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች የተለመደውን አነጋገር የሚመስል አንድ አንቀጽ ራሳችን አበጅተን እናቀርባለን፤ ከማንም አልተቀዳም። «ይህ ድንጋይ 6 ጠላቶችን የገደለ ጀግና መቃብር ነው። በላዩ ያለው ክብ ፀሐይ ሲሆን፣ ከበታቹ ያለው ደግሞ የሕዝቡ ምግብ የሆነው እንሰት ነው። ጀግናው ከተቀበረ በኋላ ወገኖቹ በዙሪያው እየዞሩ ሲያለቅሱ ድንጋዩን አቆሙለት።» አንቀጹ ሲነበብ ያምራል። ነገር ግን በድንጋዩ ፊት ቆሞ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እያመለከተ ሊያስረዳ የሚፈልግ ሰው ምን ያህሉን ያገኛል? 6 ቅርጾች፣ አንድ ክብና ከበታቹ ያለውን ቅርጽ ያገኛል። ገዳዩን፣ ጠላቱን፣ ፀሐይን፣ እንሰቱንና ለቅሶውን ግን ጸሐፊው ከቤቱ ይዞት መጥቷል።

እንግዲህ ከሰይፉ እንጀምር። በብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ባንድ ወገን ሹል፣ በሌላው ወገን መያዣ የሚመስል ክፍል ያለው ረጅም ቅርጽ ይታያል። ይህን ሰይፍ ብሎ መጥራት ስሕተት ነው አንልም። ቅርጹን በየጽሑፉ «ባንድ ወገን የሾለ ረጅም ነገር» እያሉ መደጋገም አንባቢን ማሰልቸት ነው። ዋናው ነገር ጸሐፊው ስሙን ከመስጠቱ በፊት ክፍሎቹን ማስታወቁ ነው፤ ይኸውም ስለቱ ወዴት እንደሚጠብ፣ መያዣው የት እንደሚጀምር፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደሚያመለክት ነው። ይህ ከተጻፈ በኋላ «ሰይፍ» የሚለው ቃል ማሳጠሪያ ይሆናል፤ ስሙ የማይስማማው አንባቢም ቅርጹን በራሱ አእምሮ ሊመረምር ይችላል። «የሰይፉ ቍጥር የተገደሉት ሰዎች ቍጥር ነው» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። አስጎብኚዎች ይህን አዘውትረው ይናገሩታል፤ ሐሰት ነው ብለንም ልንፈርድበት አንችልም። ሆኖም ሰይፎቹን ቈጥረን ከምን ጋር እናመሳክራቸዋለን? የሟቹን ታሪክ የጻፈ ብራና የለም፣ የተገዳዮቹም ስም በየትም አልተመዘገበም። ቍጥሩን ከሌላ ቍጥር ጋር ማስተያየት ካልተቻለ፣ አባባሉን «እንዲህ ይባላል» ብሎ ለተናጋሪው መስጠት እንጂ የድንጋዩ ቃል ማድረግ አይገባም።

ከሰይፉ ይልቅ እኛን የሀደሮ ሰዎች የሚፈታተነን ቅርንጫፍ የሚመስለው ምልክት ነው። በአንዳንዶቹ ድንጋዮች ላይ ከአንድ ግንድ ተነሥቶ የሚከፋፈል ቅርጽ አለ። ብዙ ሰዎች እንሰት ነው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ተኝተው ራስ የሚያሳርፉበት የእንጨት ትራስ ነው ይላሉ። በከምባታና በሀዲያ አገር ተወልዶ ቤቱ በእንሰት የተከበበ ሰው የመጀመሪያውን አሳብ ወዲያው ይቀበላል። ዓይን በየቀኑ የሚያየውን ነገር በሌላም ስፍራ ይፈልጋልና። ነገር ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚሁ ላይ ነው፤ እንሰትን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ስለ ሆንን፣ ከማንም በላይ ልንመረምረው የሚገባንም እኛ ነን። የእንሰት ቅጠል ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚዘልቅ አንድ ወፍራም የመካከል ጅማት አለው፤ ሰፊው ቅጠል በግራና በቀኝ ይዘረጋል፣ የቅጠሎቹም እግር እርስ በርሱ ተደራርቦ ግንድ የሚመስለውን ክፍል ይሠራል። በድንጋዩ ፊት የቆመ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ እንሰት ይመስላልን?» ብሎ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሁልጊዜ «አዎ» የሚል መልስ ያገኛልና። ይልቁንስ «የመካከሉ ጅማት ተቀርጿልን? ቅጠሉ ሰፊ ነው ወይስ መስመር ብቻ? ቅርንጫፎቹ ስንት ናቸው፣ ከግንዱስ ከአንድ ቦታ ይነሣሉ ወይስ ከተለያየ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ከጻፈ በኋላ ስሙ እንሰት ቢባል ወይም ትራስ ቢባል አንባቢው ፍርዱን ለራሱ ይሰጣል።

ስለ ድንጋዮቹ ዘመንም እንደዚሁ ነው። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ «የግራኝ ድንጋይ» እያለ ይጠራቸዋል፣ ይህም ስም ራሱ መመዝገብ የሚገባው ታሪክ ነው። ነገር ግን ግራኝ አሕመድ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1543 ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም ከባልደረቦቹ ጋር በስፍራው ባደረገው ቍፋሮ የተገኙት መቃብሮች ከግራኝ በፊት ባለው የመካከለኛው ዘመን የሚመደቡ ናቸው። ቍፋሮው ስፍራው መካነ መቃብር መሆኑን አረጋግጧል፤ አስከሬኖቹ ጉልበታቸው ተጥፎ በጎናቸው እንደ ተቀበሩም ታይቷል። ይህ እንግዲህ ከመሬቱ የወጣ ማስረጃ ነው፤ ከቅርጹ የተነበበ አይደለም። ጥንቁቅ ጸሐፊ ሁለቱን ለያይቶ ያስቀምጣል። «መቃብር ነው» ሲል ቍፋሮውን፣ «ክብ አለበት» ሲል ዓይኑን፣ «የግራኝ ይባላል» ሲል ደግሞ የነገረውን ሰው ይጠቅሳል። ሦስቱን ባንድ ድምፅ የተናገረ እንደ ሆነ ግን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው የትኛው ከየት እንደ መጣ ሊለይ አይችልም።

አንድ አንባቢ «የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲገለጽስ ትርጕሙ ይነገር የለምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ይነገራል፤ መነገሩም ትክክል ነው። በጥንታዊው የአገራችን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሳላሉ፣ ይሁዳና ሰይጣናት ግን ብዙውን ጊዜ ባንድ ዓይን በጎን ይሳላሉ። «ይህ በጎን የተሳለው ሰው ክፉ ነው» የሚል ገላጭ ልብ ወለድ አልፈጠረም፤ ልማዱ አልተቋረጠም፣ መምህራን ያስተምሩታል፣ ብዙ ጊዜም የሰውየው ስም ከራሱ በላይ ተጽፎ ይገኛል። በጢያ ግን መምህሩም ጽሑፉም የለም። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት የተማርነውን የመተርጐም ልማድ ወደ ድንጋዩ ስናመጣው፣ ቁልፉ በጠፋ በር ላይ የሌላ ቤት ቁልፍ እንደ መሞከር ይሆንብናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ብርሃኑን መምረጥ ያስፈልጋል። ከድንጋዩ ፊት ብዙም ያልጎላ ቅርጽ ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ይሰወራል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ጠርዝ ጥላ ስለሚጥል ቅርጹ ይገለጣል። ስለዚህ ያንኑ ድንጋይ በተለያየ ሰዓት ማየት፣ ያዩበትንም ሰዓት መጻፍ ይገባል። በድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሽበት ክብ ሆኖ ሲያድግ የተቀረጸ ክብ ሊመስል ይችላል፣ የዝናብ መውረጃም መስመር ይመስላል። መለያው ጠርዙ ነው፤ ቅርጽ የሆነ እንደ ሆነ ከጎን በሚመጣው ብርሃን ጥላ ይጥላል፣ ነጠብጣብ ከሆነ ግን ቀለሙ ይለያል እንጂ ጥላ የለውም። ቅርጹን ለማጉላት ብሎ በጠመኔ መሙላት ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው፤ ድንጋዩን ያበላሻል፣ ቀጥሎ የሚመጣውም ሰው የሚያየው ቀራጩን ሳይሆን ጠመኔ ያዡን ነው።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን መፈተን ነው። መግለጫው ድንጋዩን አይቶ ለማያውቅ ሰው ይሰጥና ከጽሑፉ ብቻ እያነበበ በወረቀት ይሥለው። ሥዕሉ ከድንጋዩ ጋር ሲስተያይ ጕድለቱ ሁሉ ይታያል። ከላይ ያበጀነውን አንቀጽ የተቀበለ ሠዓሊ ምን ይሥላል? ጨረር ያላት ፀሐይ፣ ቅጠሉ የተንዠረገገ እንሰት፣ ምናልባትም የሚያለቅሱ ሰዎች ይሥል ይሆናል፤ የ6ቱን ሰይፎች አቀማመጥ ግን በግምት ከመሙላት በቀር ምርጫ የለውም፣ አንቀጹ አልነገረውምና። በአንቀጹ የበዛው ሐተታ ቢሆንም፣ የጐደለው የሚታየው ነገር ነበር።

ያንኑ ድንጋይ እንደሚከተለው ብንጽፈውስ? «በድንጋዩ ምሥራቃዊ ፊት 6 ረጃጅም ቅርጾች ጐን ለጐን ተቀርጸዋል። እያንዳንዱ ባንድ ጫፉ ሹል ሆኖ በሌላው መያዣ የሚመስል አጭር ክፍል ስላለው ከዚህ በታች ሰይፍ እንለዋለን። 4ቱ ሹላቸው ወደ ላይ፣ 2ቱ ወደ ታች ነው። ከሰይፎቹ በላይ ጨረር የሌለው አንድ ክብ፣ ከበታቻቸውም 3 ቅርንጫፍ ያለው አንድ ቅርጽ አለ። የድንጋዩ የግራ ጠርዝ ስለ ተሰበረ በዚያ በኩል ሌላ ቅርጽ መኖር አለመኖሩ አይታወቅም። የስፍራው አስጎብኚ የሰይፎቹ ቍጥር የተገደሉት ሰዎች ቍጥር እንደ ሆነ ይናገራል፤ ከታች ያለውንም ቅርጽ እንሰት ይለዋል።»

«ይህ ደረቅ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በጽሑፉ ውስጥ ለአንባቢ የሚሆን በቂ ነገር እናገኛለን። ስለ ምን 4ቱ ወደ ላይ፣ 2ቱ ወደ ታች ሆኑ? በፊተኛው አንቀጽ ይህ ጥያቄ ሊነሣ አይችልም ነበር፤ 6ቱ ሰይፎች ወዲያው 6 ሬሳ ሆነው ስለ ቀሩ ማንም ተመልሶ አላያቸውም። የተሰበረው ጠርዝም እንዲሁ ነው፤ «6» የሚለው ቍጥር ራሱ ምናልባት ከ6 የበለጠ እንደ ነበር የሚያስታውሰን እርሱ ብቻ ነው። ገዳዩን የፈጠረው ጸሐፊ ግን ስብራቱን አልጠቀሰውም፤ ቢጠቅሰው ኖሮ ሟቾቹን መቍጠር ይቸግረው ነበር።