ከደረጃው ሥር የተለጠፈች አንድ ገጽ

የኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ «ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ያልቃል፤ መጉላላቱ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ ግን አይነግረንም። ባለፈው ሳምንት ከብሎካችን መግቢያ ደረጃ ሥር የተለጠፈችውን የሮቶ እጥበት ማስታወቂያ ግን ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

የምትጀምረው ከጣሪያው ሳይሆን ከጀሪካኑ ነው። «ዓርብ ማታ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ጀሪካን ቅዱ። ከቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እስከ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ለቤት የሚሆን ውሃ አይኖርም።» ቀጥላ የየቤቱ ቫልቭ በ3 ሰዓት እንዲዘጋ ታዛለች፤ ምክንያቱንም አትደብቅም። የሮቶው መውጫ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ደለሉ ከሥር ይቀራል። ግድግዳው ሲፈገፈግ ይነሳና ቫልቩን ያልዘጋ ሰው ቤት ይወርዳል። ይህን ያነበበ ሰው ኮሚቴውን ፈርቶ ሳይሆን ለራሱ ብሎ ይዘጋል።

እኔን ያስደነቀኝ የበረኪናው አንቀጽ ነው። 5,000 ሊትር በሚይዘው ሮቶ 5 ሊትር በረኪና (ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚለው) ይጨመራል፤ ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር መሆኑ ነው። ሮቶ የሚያጥብ ሁሉ እዚህ ድረስ ይሄዳል፤ ቧንቧውን ግን ይረሳል። ማስታወቂያዋ አልረሳችም፦ «ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት ቫልቩን ከፍቶ በረኪናው እስኪሸተው ያፍስስ፤ ከዚያ ይዝጋ። ይህ ውሃ አይጠጣም፣ ገላም አይታጠቡበትም።» ለመለኪያ አፍንጫን መረጠች፤ ከአያት እስከ ልጅ ሁሉም ያለው መሣሪያ። ውሃው በቧንቧው ውስጥ 24 ሰዓት ቆይቶ እሑድ 10 ሰዓት ይለቀቃል፤ ሮቶው በንጹሕ ውሃ እንደገና ይሞላል። ማታ ቫልቭ ሲከፈትም ሽታው ወደ ወትሮው እስኪመለስ ማፍሰስ ነው።

ስለ ቤት ውስጥ ማጠራቀሚያው የተጻፈው አጭር ነው፤ ግን አንድ ግሩም ቃል አለው። የጀሪካን አፍ እጅ አያስገባም፣ ስለዚህ «ጥቂት ጠጠርና የሳሙና ውሃ ጨምራችሁ ናጡት፣ ከዚያ አለቅልቁት» ትላለች። «ናጡት»! ወተት ሲናጥ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ከዚያ ክዳን፣ ከዚያ ማንቆርቆር፤ ኩባያ ነክሮ መቅዳት የለም፤ በርሜል ያለው ቧንቧ ያስገጥምለት።

አንድ ነገር ጎድሏታል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ አልጻፈችም፤ ሰው ደግሞ አንዴ በረኪና ካነሳ መጸዳጃውንም ማጽዳቱ አይቀርም። ከግርጌዋ ባዶ ቦታ ስለነበር በእስክሪብቶ ጨመርኩበት።