ከእምቢ ወደ እሺ፦ የሩሲያው «ሬፕካ» ተረት በአማርኛ ሲነገር

የሕፃናት ተረትን ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ተርጓሚን የሚፈትኑት በአብዛኛው አስቸጋሪ ቃላት አይደሉም፤ ይልቁንም ቀላል የሚመስሉትና ደግመው ደጋግመው የሚመጡት አረፍተ ነገሮች ናቸው። ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው «ሬፕካ» የተባለው አጭር የሩሲያ ተረት ነው። ታሪኩ በጥቂት ቃላት ያልቃል። አንድ ሽማግሌ የዘሩት ሥራሥር ከልክ በላይ አድጎ ለመንቀል ያስቸግራቸዋል፤ ሚስታቸውን ይጠራሉ፣ ሚስታቸው የልጅ ልጃቸውን፣ ልጅቷ ውሻዋን፣ ውሻዋ ድመቷን፣ ድመቷም አይጥን ትጠራለች፤ በመጨረሻ አይጧ ስትጨመር ሥራሥሩ ይነቀላል። በተረት አጥኚዎች ዘንድ እንዲህ ያለው ትረካ ተደማሪ ተረት ሊባል የሚችል ነው፤ ይኸውም በየዙሩ አንድ ተጨማሪ አካል እየገባ፣ የቀደመው ሰንሰለት ግን ከነሙሉ ቃሉ እየተደገመ የሚሄድ ማለት ነው።

ተረቱን አሌክሳንድር አፋናሲዬቭ ከ1855 እስከ 1863 ባሳተሙት የሩሲያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ አካተውታል። በዚያ ቅጂ ውስጥ ድመትም አይጥም የሉም፤ ከውሻዋ በኋላ ለእርዳታ የሚመጡት ምንነታቸው የማይገለጽ እግሮች ሲሆኑ፣ አንዱ እግር ሌላውን እየተከተለ እስከ አምስት ይደርሳሉ። ዛሬ ልጆች የሚያውቁት ድመትና አይጥ ያሉበት ቅጂ የተስፋፋው በኋላ፣ በመማሪያ መጻሕፍትና በጸሐፍት አተራረክ አማካይነት ነው። ይህ ልዩነት ለተርጓሚ ትልቅ ምልክት ይሰጣል፤ ገጸ ባሕርያቱ ተለውጠው ተረቱ ያው ተረት ሆኖ ከቀጠለ፣ አከርካሪው ገጸ ባሕርያቱ ሳይሆኑ የድግግሞሹ ምት ነው ማለት ነውና።

በሩሲያኛው ምቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው የቃላቱ መድረሻ ነው። አያትየው ዴድካ፣ ሴት አያቷ ባብካ፣ የልጅ ልጇ ቭኑችካ፣ ውሻዋ ዡችካ፣ ድመቷ ኮሽካ፣ አይጧ ሚሽካ፣ ሥራሥሩ ራሱ ሬፕካ ይባላሉ። «ካ» የምትለው መድረሻ በብዙዎቹ ላይ የማቆላመጥ ወይም የማሳነስ ስሜት አላት፤ በተረቱ ውስጥ ግን ከዚያ በላይ ትሠራለች፣ ሁሉንም ስሞች በአንድ ቤት ትመታቸዋለች። አማርኛ እንዲህ ያለ ለሁሉም ስም የሚሆን የማቆላመጫ መድረሻ ስለሌለው፣ «ካ»ን የሚተካ ፊደል ፍለጋ የሚወጣ ተርጓሚ ባዶ እጁን ይመለሳል። መፍትሔው ያለው ከስሞቹ ላይ ሳይሆን ከሰዋስዉ ውስጥ ነው።

አማርኛ ተሳቢውን በ«ን» ያመለክታል፣ ግሡንም በአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያኖራል። እነዚህ ሁለት ጠባዮች ሲጣመሩ፣ ሥራሥሩን ካሮት፣ ውሻዋንም ወንድ አድርገን ቡቺ ብንላቸው፣ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ዙር እንደሚከተለው ሊደረደር ይችላል፦

አይጢት ድመቷን፣
ድመቷ ቡቺን፣
ቡቺ ልጅቷን፣
ልጅቷ እማማን፣
እማማ አባባን፣
አባባ ካሮቱን ይዘው፣
ሳቡ ሳቡ ሳቡ፤ ካሮቱ እሺ አለ።

ሩሲያኛው በ«ካ» የሚያደርገውን እዚህ «ን» ታደርገዋለች፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስንኞች በእርሷ ያርፋሉ፣ ያረፉበት ስምም «ን»ን ጥሎ የሚቀጥለውን ስንኝ ይከፍታል። አድማጩ ሕፃን «ቡቺን» የሚለውን እንደሰማ ቀጥሎ የሚመጣው «ቡቺ» መሆኑን ያውቃልና፣ አንባቢው ትንሽ ቢያቆም ልጁ ራሱ ይሞላዋል። ከዚህም በላይ ስድስቱ ጥንዶች አንዱን «ይዘው» እስከ መጨረሻ ድረስ ይጠብቁታል። ሩሲያኛው ሰንሰለት በግሥ ላይ እንዲህ አይንጠለጠልም፤ በአማርኛ ግን የግሡ መዘግየት ልብ መስቀያ ይሆናል፣ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥርም መጠበቁ ይረዝማል። ትርጉም ከምንጩ የሚበልጥበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ይህ ከነዚያ አንዱ ይመስላል።

ይህ ጥቅም በቀላሉ ሊባክን ይችላል። አንደኛው ማባከኛ ግሡን በየጥንዱ መድገም ነው፤ «አይጢት ድመቷን ያዘች፣ ድመቷ ቡቺን ያዘች፣ ቡቺ ልጅቷን ያዘ፣ ልጅቷ እማማን ያዘች፣ እማማ አባባን ያዙ» ሲባል፣ ግሡ ከባለቤቱ ጋር በጾታና በአክብሮት መስማማት ስላለበት መድረሻው እየተለዋወጠ ምቱን ይሰብረዋል፣ ስንኙም ይረዝማል። ሁለተኛውና የባሰው ሰንሰለቱን በ«የ» አንቀጽ አስሮ አንድ አረፍተ ነገር ማድረግ ነው። አማርኛ ገላጩን ከተገላጩ አስቀድሞ ስለሚያኖር ውጤቱ «ካሮቱን የያዙትን አባባን የያዙትን እማማን የያዘችውን ልጅ የያዘው ቡቺ» የሚል ይሆናል፤ ስሕተት የለበትም፣ ነገር ግን አራት ዓመት የሆነው ልጅ ይቅርና አዋቂም ማን ማንን እንደያዘ ለመለየት ተመልሶ ማንበብ ይኖርበታል። የእንግሊዞቹ «ጃክ የሠራው ቤት» የተሰኘው ተደማሪ ግጥም የታነጸው ልክ በዚህ ዓይነት የገላጭ አንቀጽ ሰንሰለት ስለሆነ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከ«ሬፕካ» ይልቅ እጅግ የሚከብደው በዚሁ ምክንያት ነው።

አዝማቹ፣ ማለትም በየዙሩ የሚመለሰው ሐረግ፣ ከዚህ የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። ምንጩ «ሊነቅሉት አልቻሉም» የሚል ሐሳብ ይዟል። ይህን እንዳለ መውሰድ ስሕተት ባይሆንም በሕፃን ጆሮ ደረቅ ነው፤ ከዘገባ የተወሰደ ይመስላል። አማርኛ ግን ግዑዝ ነገር አልታዘዝ ሲል «እምቢ አለ» ይላል፤ በር አልከፈት ሲል፣ እሳት አልቀጣጠል ሲል እምቢ ይላል። አነጋገሩ ካሮቱን ግትር ገጸ ባሕርይ ያደርገዋል፣ «እምቢ»ም ልጆች ገና አፍ ሲፈቱ ከሚይዟቸው ቃላት መካከል ናት። «ሳቡ» ከ«ጎተቱ» የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ቀለም ነው። ቀለም ሲባል እዚህ በግጥም ቆጠራ አንድ ጊዜ በድምፅ የሚወጣው የቃል ቍራጭ ነው። «ሳቡ ሳቡ ሳቡ» ስድስት ቀለም ነው፤ «ካሮቱ እምቢ አለ»ም በንባብ የ«ቱ»ና የ«እ» ድምፅ ተዋህደው «ካ-ሮ-ቱም-ቢ-አ-ለ» ስለሚሆን ስድስት ይመጣል። ስድስት በስድስት የሚቆመው ስንኝ የአማርኛ የወል ቤት ልክ ነው፣ ስለዚህ ልጁ ስሙን ሳያውቀው ጆሮው የለመደውን ምት ያገኛል። «ጎተቱ ጎተቱ ጎተቱ» ግን ዘጠኝ ሆኖ ያንን ሚዛን ያፈርሰዋል።

እዚህ ላይ አክብሮት ያልተጠበቀ እርዳታ ይሰጣል። ሩሲያኛው መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ስለሚጎትት ግሡን በነጠላ ይጀምራል፣ ሁለተኛዋ ስትጨመር ወደ ብዙ ይለውጠዋል። በአማርኛ ሽማግሌ በአንቱታ ስለሚነገርላቸው «አባባ ሳቡ» ይባላል፤ የአንቱታው «ሳቡ» ደግሞ ከብዙ ቍጥሩ «ሳቡ» አይለይም፣ «ይዘው»ም እንደዚሁ። ስለዚህ የአዝማቹ ግሥ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አንዲት ፊደል ሳይለውጥ ይዘልቃል። ሽማግሌውን «አንድ ሽማግሌ ዘራ» ብሎ በአንተታ የሚጀምር ትርጉም ከልጁ ቤት ጨዋነት መውጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ይህን በነፃ የተገኘ አንድነት ያጣዋል። «አያት» የሚለው ቃል ወንድና ሴቱን ስለማይለይ «አባባ» እና «እማማ» መመረጣቸውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱም በሦስት ፊደል የሚጻፉ፣ በድምፅ የሚመሳሰሉና ልጁ በሰፈሩ ለሽማግሌና ለአሮጊት የሚጠቀምባቸው መጠሪያዎች ናቸው።

መጥራቱ በሚተረክበት ቦታ ግን ግሡ መለዋወጥ አለበት፣ መለዋወጡም መልካም ነው፤ «አባባ እማማን ጠሩ፤ እማማ ልጅቷን ጠሩ፤ ልጅቷ ቡቺን ጠራች፤ ቡቺ ድመቷን ጠራ፤ ድመቷ አይጢትን ጠራች።» አንዱ ግሥ በሦስት መልክ ሲመጣ ልጁ አንቱታን፣ አንስታይንና ተባዕታይን ጎን ለጎን ይሰማል። በዚህ ስፍራ «ጠራ»ን አንድ ጊዜ በ«ተጣራ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ለመነ» መተካት በትምህርት ቤት ድርሰት የተለመደው ቃል አትድገም የሚለው ምክር ያመጣው ልማድ ነው፤ ምክሩ ለአዋቂ ድርሰት የሚሆን ሲሆን ይህን ተረት ግን ይገድለዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው የሥራሥሩ ስም ነው። ሬፕካ ድንች በሩሲያ ከመስፋፋቱ በፊት የሕዝቡ የዘወትር ምግብ የነበረ ክብ ሥር ነው፤ ለሩሲያዊ ልጅ ተራ ነገር ስለሆነ፣ ስሙን እንዳለ መተው ተራውን እንግዳ ያደርገዋል፣ የተረቱም አስገራሚነት ተራው ነገር መግዘፉ ላይ ነውና ይደበዝዛል። ድንች በመቆፈሪያ ይወጣል እንጂ በቅጠሉ ተይዞ አይሳብም። ዱባ ከመሬት በላይ ያፈራል። እንሰት በተፈጥሮው ትልቅ ስለሆነ ትልቅነቱ ማንንም አያስደንቅም። ካሮት ግን አንዱ ዘር አንድ ሥር ይሰጣል፣ በቅጠሉ ይያዛል፣ ትንሽ መሆኑም ይታወቃል። ሆኖም መጽሐፉ የምንጩን ሥዕሎች ይዞ የሚታተም ከሆነ ይህ ምርጫ አያዛልቅም፤ ክብ ሥር እያየ «ካሮት» የሚሰማ ልጅ ወዲያው ይቃወማል፣ መቃወሙም ልክ ነው። ያኔ «ቀይ ሥር» ይቀርባል፣ ነገር ግን አዝማቹ ከአዲሱ ስም ጋር እንደገና መመዘን አለበት። ሥዕል ሳይታይ የሚጀመር ትርጉም በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ከማተሚያ ቤት ተመልሶ ይመጣል።

የቃላት ደረጃ ጉዳይ በዚህ ተረት ውስጥ ብዙ አያነጋግርም። «ግዙፍ» ለዚህ ዕድሜ የመጽሐፍ ቃል ነው፣ «ትልቅ፣ በጣም ትልቅ» ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን ለጀማሪ አንባቢ ያስፈልጋል፤ የአማርኛ ጽሕፈት ጥብቀትን ስለማያሳይ «ዘሩ» ጠብቆ ሲነበብ የአባባን ሥራ፣ ላልቶ ሲነበብ መሬት የገባውን ፍሬ ያመለክታልና፣ ሁለቱ በአንድ ገጽ እንዳይገናኙ ማድረግ ይገባል።

የመጨረሻው ዙር የሚጠይቀው እጅግ ጥቂት ለውጥ ነው። አይጢት ከገባችና ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ከተደገመ በኋላ፣ አምስት ጊዜ «ካሮቱ እምቢ አለ» ብሎ የመጣው አዝማች በስድስተኛው «ሳቡ ሳቡ ሳቡ፤ ካሮቱ እሺ አለ» ይላል። «እሺ»ም እንደ «እምቢ» ከ«ቱ» ጋር ተዋህዳ «ካ-ሮ-ቱሽ-ሺ-አ-ለ» ስለምትሆን ስድስቱ ቀለም አይጎድልም፤ የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እርሱም ለልጁ የ«እምቢ» ተቃራኒ ሆኖ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው «ተነቀለ!» የሚለው አንድ ቃል ሲሆን፣ ለብቻው በአንድ ገጽ ቢታተም ይሻላል፤ አንባቢው ገጹን እስኪገልጥ ድረስ ልጁ ቀድሞ ይለዋልና።