የጠብታው ልክ

የ48 ዓመት፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ድንገተኛ ክፍል ገባች እንበል። ሕመሙ ከእምብርቷ በላይ ተነስቶ ጀርባዋ ድረስ ዘልቋል፤ በጀርባዋ ስትተኛ ይብስባታል፣ ወደ ፊት ስታጎነብስ ትንሽ ፋታ ይሰጣታል። ደጋግማ አስታውካለች። ሊፔዝ የሚባለው ኢንዛይም በደሟ ውስጥ ከመደበኛው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሕመሙና ይህ ውጤት አንድ ላይ ከመጡ ቆሽቷ መቆጣቱን ለመናገር ይበቃል። የሊፔዙ ቁጥር አሥር እጥፍ ቢሆን ግን በሽታው የከፋ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አልትራሳውንዱ የሐሞት ጠጠር አሳየ። የሚፈራው ትልቁ ጠጠር ሳይሆን ትንሹ ነው፤ ትንሹ ከከረጢቱ ሾልኮ ይወርድና የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች ወደ አንጀት በሚከፈቱበት ጠባብ አፍ ላይ ይቀረቀራል። ያኔ አንጀት ደርሶ ሥራ መጀመር የነበረበት የቆሽት ፈሳሽ እዚያው ቆሽት ውስጥ ሥራውን ይጀምራል፣ የቆሽቱን ሥጋ ይፈጫል። ጠጠር ከሌለ ሐኪሙ መጀመሪያ ስለ መጠጥ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ትራይግሊሰራይድ ከ1000 ማለፍ አለማለፉን ያያል። በእኛ አገር ወስፋት ወደ ሐሞት ቱቦ ወጥቶ ያንኑ በር ሊዘጋ እንደሚችልም መርሳት አያሻም።

አሁን ጥያቄው በሽታው ምን ያህል ይከፋባታል የሚለው ነው። ቢሳፕ የሚባለውን መለኪያ የወደድኩት ትንሽ ስለሆነ ነው፤ አምስት ነገር ብቻ ያያል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይሰጣል። የሴትየዋ የዩሪያ ናይትሮጅን 27 ነው፤ ከ25 ስላለፈ አንድ። ልቧ በደቂቃ 112 ጊዜ ይመታል፣ 24 ጊዜ ትተነፍሳለች፤ መላ ሰውነቷ እየተቆጣ ነውና ሌላ አንድ። አእምሮዋ ንቁ ነው፣ ዕድሜዋ ከ60 በታች ነው፣ በሳንባዋ ዙሪያ ውኃ አልቋጠረም። ድምሩ 2። ሦስትና ከዚያ በላይ ቢሆን ኖሮ የሞት አደጋው ጎላ ይል ነበር። የበሽታው እውነተኛ ክብደት ግን የሚታወቀው ቆይቶ ነው፦ ኩላሊት፣ ሳንባ ወይም የደም ዝውውር ከ48 ሰዓት በላይ ሥራውን ካቆመ ከባድ ይባላል።

ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ፈሳሽን በገፍ ያፈስሱ ነበር። ምክንያታቸው ደካማ አልነበረም፤ የደም ሥሮቹ ያፈስሳሉ፣ ደሙ ይወፍራል፣ ቆሽቱም ደም ያጥረዋል። በ2022 ኤንሪኬ ደ ማዳሪያ የተባሉት የስፔን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ዋተርፎል የተሰኘ ጥናት ይህን ልማድ ፈተነው። ሁለቱም ወገን ሪንገር ላክቴት ያገኛል። አንደኛው በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም በኪሎ 3 ሚሊ ሊትር በየሰዓቱ ይወስዳል። ሌላኛው ፈሳሽ ካነሰው ብቻ በኪሎ 10፣ ከዚያም በሰዓት 1.5። በገፍ ከወሰዱት 20.5 በመቶው ፈሳሽ በዛባቸው፤ ከሌላው ወገን 6.3 በመቶው ብቻ። ይህ ጉዳት ስለታየ፣ በሽታው እንዳይከፋ በማድረግ በኩልም በገፍ መስጠቱ ብልጫ ስላላሳየ ጥናቱ ከታሰበው በፊት ተቋረጠ።

ለሴትየዋ ይህ ምን ማለት ነው? አፏ ደርቋል፣ ሽንቷም አንሷል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት 600 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በሰዓት 90። ፓምፕ በሌለበት ክፍል 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ ነርሷ ሰዓቷን እያየች በደቂቃ 100 ጠብታ ታስኬዳለች፣ በኋላም ወደ 30 ታወርደዋለች። በገፍ ቢሆን ኖሮ ያ 30 ጠብታ 60 ይሆን ነበር። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ እስከ ነጋ ድረስ ግን ሳንባ ላይ ይከማቻል።

ይህን አሠራር የማደንቅበት ዋናው ነገር መቆሚያው አብሮ መታሰቡ ነው። በ12፣ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት እንደገና ትመረመራለች። ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ሌላ 600 ይጨመርላታል፤ ሳንባዋ ከተንኮሻኮሸ፣ የአንገቷ ደም ሥር ካበጠ ጠብታው ይቀነሳል ወይም ይዘጋል። በ12 ሰዓት ሕመሙ ከበረደ ምግብ ትሞክራለች፤ ምግቡ ለስምንት ሰዓት ከረጋላት በ20ኛው ሰዓት ፈሳሹ ይነቀላል። አንድ ገደብ አለ፦ ጥናቱ ሲጀመር ኩላሊታቸው ወይም ሳንባቸው የደከመ፣ በድንጋጤ የደም ግፊታቸው የወደቀ ሰዎች አልገቡበትም። እንደነዚህ ላሉት ይህን ልክ ሳያስቡ መገልበጥ አደገኛ ነው።

ሴትየዋ ካገገመች ከመውጣቷ በፊት የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ቀጠሮ ተሰጥቷት ቤቷ ከሄደች ሌላ ትንሽ ጠጠር ከዚያ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል።