ካሬ መቁጠርና ፎቶ መለካት

በባለካሬ ወረቀት ላይ የተመለከቱ ሁለት ነጥቦች በስልክ ፎቶ ተነሥተው ሲቀርቡ፣ በሁለቱ የሚያልፈውን መስመርና ቀጤ ነክ ገማሹን፣ ማለትም በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት እኩል ለሁለት ከፍሎ በ90 ዲግሪ የሚያቋርጠውን መስመር፣ ለማግኘት መጀመሪያ ፎቶው የሚጠብቀውንና የሚያዛባውን መለየት ያስፈልጋል። ጀማሪ ተማሪ በስሌት ያገኘውን ገማሽ በፎቶው ላይ ሲያሰምረው ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ የራቀ ሆኖ ያገኘዋል፤ ስለዚህም ስሌቱን ይጠራጠራል። ሊጠራጠረው የሚገባው ግን ማስመሪያውንና ፕሮትራክተሩን በፎቶው ላይ ማሳረፉን ነው።

ስልኩ ከወረቀቱ በላይ ትይዩ ሆኖ ካልተያዘ፣ ቅርብ ያሉት ካሬዎች ሰፍተው የራቁት ጠብበው ይወጣሉ። በዚህ መዛባት ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ቀጥ እንዳለ ይቆያል፣ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብም መገናኛነቱን አያጣም፤ ርዝመት፣ አጋማሽና ማዕዘን ግን አይጠበቁም። ኮምፓስ ከሁለቱ ነጥቦች ላይ ቅስቶች አስሎ ገማሹን የሚያወጣው ጥንታዊ ዘዴ በወረቀቱ ላይ እንከን የለበትም፤ በፎቶው ላይ ግን የወረቀቱ ክብ ብዙውን ጊዜ ሞላላ ሆኖ ስለሚታይ የተሳሳተ መስመር ይሰጣል። ዘዴው የቱንም ያህል ቢከበር እዚህ ቦታ የለውም፤ ሊታመን የሚገባው የካሬ ቆጠራ ብቻ ነው።

ለምሳሌ በእያንዳንዱ ዘንግ አንድ ካሬ አንድ አሃድ ሆኖ፣ ነጥብ A በ(−4, 1)፣ ነጥብ B በ(2, 5) ላይ ይገኙ። ከA ወደ B ለመድረስ ወደ ቀኝ 6 ካሬ፣ ወደ ላይ 4 ካሬ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ስሎፑ፣ ማለትም ወደ ቀኝ በአንድ አሃድ ሲኬድ ወደ ላይ የሚወጣበት መጠን፣ 2/3 ነው። የመስመሩ እኩልታም 2x − 3y = −11 ይሆናል። አጋማሹ የሁለቱ ነጥቦች መጋጠሚያዎች አማካይ ስለሆነ (−1, 3) ነው። የፎቶው ታችኛው ጎን ለስልኩ የቀረበ ከሆነ፣ በማስመሪያ ተለክቶ የሚገኘው አጋማሽ ከዚህ ነጥብ ወደ A አዘንብሎ ይወድቃል፤ የA ወገን ግማሽ ሰፍቶ ስለሚታይ ነው።

ትክክለኛውን አጋማሽ ያለ ስሌትም በፎቶው ላይ ማግኘት ይቻላል። በA እና በB የሚያልፉት አግድምና ቋሚ የካሬ መስመሮች አራት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖቹ (2, 1) እና (−4, 5) ናቸው። የዚህ አራት ማዕዘን ሰያፎች የሚቋረጡት አጋማሹ ላይ ነው፤ መገናኛ ነጥብ በፎቶ ስለማይዛባ ፎቶው ቢያጋድልም እዚያው (−1, 3) ላይ ይቋረጣሉ። ጣሊያናዊው ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ1435 ስለ ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ፣ የንጣፍ ካሬዎች በትክክል መሣላቸውን ለማረጋገጥ በብዙ ካሬዎች ሰያፍ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር እንዲታይ አድርጓል። ይኸው ፈተና ለፎቶውም ይሠራል፤ የካሬዎቹን ማዕዘኖች በሰያፍ የሚያያይዘው መስመር ከቀና ወረቀቱ ያጋደለ ብቻ ነው፤ ከጎበጠ ግን ወይ ወረቀቱ ተጣጥፏል፣ ወይ የካሜራው ሌንስ አዛብቶታል።

ቀጤ ነኩም በቆጠራ ይገኛል። ከአጋማሹ ወደ B የሚወስደው እርምጃ ቀኝ 3፣ ላይ 2 ነው፤ ይህ እርምጃ ሩብ ዙር ሲዞር ግራ 2፣ ላይ 3 ይሆናል፣ ከአጋማሹም ወደ (−3, 6) ያደርሳል። በተቃራኒው ቀኝ 2፣ ታች 3 ሲቆጠር (1, 0) ላይ ይደረሳል። ሁለቱን የሚያያይዘው መስመር 3x + 2y = 3 ገማሹ ነው። በስሎፕ ገልባጭና በምልክት ለውጥ፣ ማለትም በ−3/2፣ የሚሠሩም እዚሁ ይደርሳሉ፤ የቆጠራው ብልጫ ግን መስመሩ ቋሚ ሆኖ ስሎፕ ሲያጣም አለመሰናከሉ ነው።

ማረጋገጫው ርቀት ነው፤ ከ(1, 0) እስከ A የርቀቱ ካሬ 25 + 1፣ እስከ B ደግሞ 1 + 25 ነው፤ ሁለቱም 26 ናቸው። ዘንጎቹ የተለያየ ልኬት ካላቸው፣ ለምሳሌ በy ዘንግ አንድ ካሬ ሁለት አሃድ ከሆነ፣ ካሬዎቹ መጀመሪያ ወደ አሃድ ካልተቀየሩ ሩብ ዙሩ ትርጉም ያጣል፤ ጀማሪዎችም ብዙ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

በቴሌግራም የሚላኩ የቤት ሥራዎችን ዘወትር የሚያርም መምህር ከጊዜ ብዛት ያጋደለ ፎቶ መጥላቱን ይተዋል፤ እንዲያውም ፊት ለፊት ከተነሣው አስበልጦ ይወደዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቀናው ፎቶ ላይ ፕሮትራክተር የያዘና ካሬ የቆጠረ ተማሪ አንድ መልስ ስለሚሰጡ አይለዩም፤ ባጋደለው ላይ ግን የማን እርሳስ በ(−1, 3) እንዳለፈ ወዲያው ይታያል።