የባንክ ታሪክ በባለአክሲዮኖች ፊት፦ ጥሩ ስክሪፕት በምን ይለያል?

በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የኩባንያውን ታሪክ የሚተርክ አጭር ቪዲዮ ሲቀርብ፣ የስክሪፕቱ ጥራት የሚለካው በአዳራሹ ጭብጨባ አይደለም። መለኪያው ስሜቱ ከየት እንደመጣ ማየት ነው። ብዙ ጸሐፊዎች መረጃንና ስሜትን ማመጣጠን ማለት ሁለት ደቂቃ ለአኃዝ፣ ሁለት ደቂቃ ደግሞ ለሚያባባ ሙዚቃ ማካፈል ይመስላቸዋል። እንዲህ የተሠራ ስክሪፕት አኃዙ ሲነገር ያሰለቻል፣ ስሜቱ ሲመጣ ደግሞ አይታመንም። በጥሩ ሥራ ውስጥ ግን ስሜቱን የሚያመነጨው ራሱ መረጃው ነው፤ አንዱን ነቅለው ሌላውን ማስቀረት አይቻልም።

ይህን ለማየት የአዋሽ ባንክን አመሠራረት እንውሰድ። “ባለራዕይ መሥራቾቻችን በጽናትና በቆራጥነት ታላቅ ተቋም አቆሙ” የሚል ዓረፍተ ነገር ለሲሚንቶ ፋብሪካም ለአየር መንገድም ይሆናል፤ ስለዚህ ስለማንም አይናገርም። አሁን ቅጽሎቹን ሁሉ አውጥተን ታሪኩን በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። በ1967 የግል ባንኮች ተወረሱ። የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው ከ19 ዓመት በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 84/1986 ነው። በ1987 ደግሞ 486 ሰዎች 24.2 ሚሊዮን ብር አዋጥተው አዋሽን መሠረቱ። በዚያ ዓመት ገንዘቡን ለባንክ አክሲዮን ያወጣ ጎልማሳ የባንኮቹን መወረስ በዕድሜው ያየ ሰው ነው። ተራኪው “ደፋር” የሚለውን ቃል ሳያነሳ ድፍረቱ ለአድማጩ ይታየዋል። ጥንቃቄ የሚሻው ግን እዚሁ ላይ ነው። ገንዘቡ ለመሥራቾቹ ቁጥር ሲካፈል አማካዩ ወደ 50 ሺህ ብር ይሆናል፤ ስክሪፕቱ “እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ብር አዋጡ” ካለ ግን ሐሰት ተናገረ። አባቱ ከዚያ ያነሰ አክሲዮን እንደነበራቸው የሚያውቅ ወራሽ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቀረውንም አያምንም።

ሁለተኛው መፈተኛ ዕድገቱ የሚተረክበት መንገድ ነው። በጣም የተለመደው ብልሃት የመነሻውን ካፒታል ከዛሬው ቢሊዮን ጎን አስቀምጦ ከበሮ ማስመታት ነው። ነገር ግን ካፒታል ያደገው በትርፍ ብቻ አይደለም። በ2013 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ሲያደርግ፣ ብዙ ባንኮች ያንን ለመሙላት ባለአክሲዮኖች ተጨማሪ ገንዘብ እንዲከፍሉ መጠየቅ ነበረባቸው። የብር የመግዛት አቅምም በሠላሳ ዓመት ውስጥ እጅግ ወርዷል። ጥሩ ጸሐፊ ይህን ይለይና ባለአክሲዮኑ ከኪሱ የጨመረውን፣ ሥራው ያተረፈውን ለየብቻ ያስቀምጣል። እንዲህ ሲደረግ ትረካው ይበልጥ ልብ ይነካል፤ ምክንያቱም በታሪኩ ውስጥ የሚታየው ሥራ አመራሩ ብቻ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰውም ነው። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ የተገደዱበት ጊዜም እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1159/2011 በሩ እንደገና ተከፍቶላቸዋል፤ መመለሳቸውን አክብሮ መውጣታቸውን የሚዘል ስክሪፕት ደስታው ለምን እንደመጣ አያስረዳም።

“ቪዲዮ የኦዲት ሪፖርት አይደለም፤ አኃዙ በታተመው መጽሔት አለ፤ ሰው ይደሰት” የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ይህ ቪዲዮው ለበዓል ቢሆን ያስኬድ ነበር። ጠቅላላ ጉባኤ ግን ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ ነው፦ ሒሳብ ይጸድቃል፣ የትርፍ ድርሻ ይወሰናል፣ የቦርድ አባላት የሥራ ዘመን ሲያበቃ ምርጫ ይካሄዳል። ከድምፅ በፊት የሚቀሰቀስ ስሜት ውሳኔውን ይነካል። ስለዚህ በዚያው ቀን ለምርጫ የሚቀርብ የቦርድ አባል በቪዲዮው ውስጥ ጎልቶ ከታየ፣ ጽሑፉ ቢያምርም ሥራው ጉድለት አለበት። ሌላው ተቃውሞ ክፉውን ዘመን ማንሳት አመኔታን ይሸረሽራል የሚል ነው። ይህ የሚሠራው ለማያውቅ አድማጭ ነው። ባለአክሲዮኑ የትርፍ ድርሻው የቀነሰበትን ዓመት ከአዘጋጁ በተሻለ ያስታውሳል፤ ዝምታውን የሚያነበው እንደ መሸሸግ ነው። ይሁንና ችግሩን ለማልቀሻ ማርዘምም አይገባም፤ ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ምን ያህል እንዳስከፈለ በሦስት ዓረፍተ ነገር ከተነገረ ይበቃል።

ስለዚህ ስክሪፕት ሲቀርብልዎ ሙዚቃ ሳይከፈት ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ከዚያ የኩባንያው ስም ባለበት ቦታ የተፎካካሪውን ስም ይተኩ። ስሙ ተቀይሮም እውነት ሆኖ የሚቆም ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይሰረዝ። የተረፈው ከተመረመረው ሒሳብና ከቃለ ጉባኤው ጋር ይመሳከር። ከዚህ በኋላም የሚነካ ነገር ከቀረው፣ ለጉባኤው የሚመጥን ሥራ ነው።